ዎክ ሳይክል በ12 ስዕል፦ እግሩ እንዳይንሸራተት፣ ሰውየውም ክብደት እንዲኖረው

እሺ፣ የምንሠራው ዎክ ሳይክል የሚባለውን አኒሜሽን ነው፣ አንድ ሰው በጎኑ ሆኖ ወደ ቀኝ ሲራመድ፣ ምንም የተለየ ባህሪ የሌለው ተራ አረማመድ፣ እዛው ቦታው ላይ እየተራመደ ሉፕ የሚያደርግ። ተራው ነው ደሞ ከባዱ። ሰካራም ወይም የሚያነክስ ሰው ስትስሉ የሳታችሁት ነገር ሁሉ የሰውየው ጠባይ መስሎ ያልፋል፣ ተራ አረማመድ ላይ ግን መደበቂያ የለም፣ ሁላችንም ቀኑን ሙሉ ሰው ሲራመድ ስናይ ነው የምንውለው።

በወረቀትም በታብሌትም ይሠራል። እኔ ቁጥሮቹን የምሰጣችሁ ለዲጂታል ነው፣ 1920 በ1080 ካንቫስ፣ በሴኮንድ 24 ፍሬም። አንድ እርምጃ 12 ፍሬም እናደርገዋለን፣ ማለትም ግማሽ ሴኮንድ፣ በደቂቃ 120 እርምጃ፣ ጉዳይ ያለው ግን ያልተጣደፈ ሰው ፍጥነት ነው። ቀኝና ግራ አንድ አንድ ሲራመዱ 24 ፍሬም ይሆናል። እያንዳንዱን ስዕል ሁለት ሁለት ፍሬም ስለምናቆየው በጠቅላላው 12 ስዕል ነው የምንስለው። ፈጠን ያለ ሰው ከፈለጋችሁ እርምጃው 8 ፍሬም፣ ዘገም ያለ ከሆነ 16፣ ግን መጀመሪያ በ12ቱ ተለማመዱ።

መጀመሪያ መሬቱን አስምሩ

ሰውየውን ከመንካታችሁ በፊት አንድ ሌየር ላይ የመሬት መስመር አስምሩ፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ጨምሩ። ሰውየው ቁመቱ 600 ፒክስል ይሁን፣ ከዳሌው እስከ መሬት 300፣ አንድ እርምጃው 240። የሰው እርምጃ ከቁመቱ 40 በመቶ አካባቢ ስለሆነ 240 ያምርበታል፣ ለስድስት ስዕል ሲካፈል ደግሞ እኩል 40 ይወጣዋል። ስለዚ መሬቱ መስመር ላይ ከመሃሉ ጀምራችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በየ40 ፒክስሉ ጭረት አድርጉ። እነዚህ ጭረቶች ናቸው በኋላ እግሩ እንዳይንሸራተት የሚያደርጉት፣ ብዙ ሰው ይሄን ዘሎ በግምት ይስልና ሰውየው ለምን በረዶ ላይ እንዳለ ሆነ ብሎ ይጨነቃል።

ሌላው፣ ወደ እኛ ያለውን እግርና እጅ በቀይ፣ ማዶ ያለውን በሰማያዊ ሳሉ። ሁሉንም በጥቁር ከሳላችሁ አምስተኛው ስዕል ላይ የትኛው እግር የትኛው እንደሆነ ይጠፋባችኋል። ፊት፣ ጸጉር፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚባል ነገር አሁን አያስፈልግም፣ ጭንቅላቱ ክብ፣ ደረቱና ዳሌው ሁለት እንቁላል ነገር፣ እጅና እግሩ ቱቦ ይሁኑ፣ በቃ።

ስዕል 1 እና 7፣ ኮንታክት

ኮንታክት ማለት ሁለቱም እግሮች መሬት የነኩበት፣ እርምጃው በጣም የተከፈተበት ቅጽበት ነው። ስዕል 1 ላይ ቀዩ እግር ፊት ነው፣ ተረከዙ ከመሃሉ በስተቀኝ 120 ላይ (ሦስተኛው ጭረት) ያርፋል፣ ጣቶቹ ወደ ላይ ቀና ያሉ። ሰማያዊው ኋላ ነው። እሱን ለመሳል ቀላሉ መንገድ መጀመሪያ ጫማውን መሬት ላይ ልጥፍ አድርጋችሁ ተረከዙን በስተግራ 120 ላይ ማስቀመጥ፣ ከዛ ከጣቶቹ ሥር ያለው ክፍል ሳይነቃነቅ ተረከዙን ብቻ ማንሳት ነው። እንዲህ ሲሆን የኋለኛው እግር ከየት እንደሚታጠፍ ግምት ውስጥ አትገቡም።

የፊተኛው እግር ቀጥ ለማለት ትንሽ ይቅረው፣ ሙሉ በሙሉ ግን አታድርቁት፣ የደረቀ ጉልበት የሚቀጥለው ስዕል ላይ ሲታጠፍ ድንገት ስብር የሚል ነገር ያመጣል። የኋለኛው ጉልበት በግልጽ የታጠፈ ነው። ሰውነቱ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደፊት ያዘነበለ። እጆቹ የእግሮቹ ተቃራኒ፣ ቀይ እግር ፊት ከሆነ ቀይ እጅ ኋላ።

ስዕል 7 የዚሁ ግልባጭ ነው፣ ሰማያዊው ፊት ቀዩ ኋላ። ከላይ የስዕል 1ን ቅርጽ አድርጋችሁ ቀለሙን ብቻ ቀያይሩ። ሁለቱን ስትደራርቧቸው ጥላቸው አንድ ካልሆነ፣ ለምሳሌ የአንዱ እርምጃ 240 የሌላው 225 ከሆነ፣ ሰውየው ሲጨርስ ያነክሳል፣ ያኔ ደሞ የቱ ጋ እንደተበላሸ ለማግኘት 12ቱንም ማገላበጥ ነው።

ስዕል 4፣ ፓሲንግ

ከሁለቱ ኮንታክቶች መሃል ያለው ነው፣ አንዱ እግር በሌላው አጠገብ የሚያልፍበት። የቀዩ እግር ተረከዝ አሁን ልክ መሃሉ መስመር ላይ ነው፣ ሙሉ ውስጥ እግሩ መሬት ነክቷል፣ የሰውየው ክብደት በሙሉ እሱ ላይ ነው፣ ስለዚ እግሩ ቀና ብሎ ዳሌውን ወደ ላይ ይገፋል። ጭንቅላቱ ከኮንታክቱ 6 ፒክስል ያህል ከፍ ይላል። ሰማያዊው እግር ጉልበቱ ታጥፎ ቀድሟል፣ ጫማው ግን ኋላ ቀርቶ ጣቶቹ ወደ መሬት ዝቅ እንዳሉ ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ጫማውን ከመሬት ጋ ትይዩ አድርጎ የሚስለው፣ ያኔ ሰውየው የሚራመድ ሳይሆን በወታደር ደንብ እግሩን የሚያነሳ ይመስላል። የሚወዛወዘው እግር ጉልበቱ ይመራል፣ ጫማው ይከተላል።

ስዕል 2 እና 5፣ ዳውንና አፕ

እንግዲ ክብደት የሚባለው ነገር የሚታየው እዚህ ነው። ስዕል 2 ዳውን ነው። ተረከዙ አርፏል፣ የሰውነቱ ክብደት ፊተኛው እግር ላይ ተጭኗል፣ ጉልበቱ ታጥፎ ጫናውን ይቀበላል፣ ጫማው ሙሉ ለሙሉ መሬት ላይ ልጥፍ ብሏል፣ ተረከዙም 80 ላይ ነው። ጭንቅላቱ ከኮንታክቱ 10 ፒክስል ዝቅ ይበል። የእጆቹ ወዝወዛ ከሁሉም በላይ የሚከፈተው ደሞ እዚሁ ዳውን ላይ ነው፣ ኮንታክቱ ላይ አይደለም፣ እግሩ አርፎ እጁ ግን ገና ጉዞውን አልጨረሰም።

ስዕል 5 አፕ ነው። ቀዩ እግር ሰውነቱን ወደፊት እየገፋ ነው፣ ተረከዙ ከመሬት መነሳት ጀምሯል፣ ጭንቅላቱ ከኮንታክቱ 14 ፒክስል ከፍ ብሏል፣ ይሄ የሳይክሉ ጫፍ ነው። በእውነተኛው ሰው ላይ ለክተን ቢሆን ሰውነት ከፍ የሚለው ልክ ፓሲንጉ አካባቢ ነው። አኒሜተሮች ግን ጫፉን ትንሽ ወደ ኋላ ገፍተው ከፓሲንጉ ቀጥሎ ያደርጉታል፣ ምክንያቱም ሰውየው በራሱ ጉልበት እየገፋ የሚሄድ ያስመስለዋል፣ ቪዲዮ ገልብጣችሁ የሳላችሁት ደሞ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊ ሆኖ ይታያል።

ቪዲዮ ሪፈረንስ አትጠቀሙ ማለቴ አይደለም፣ ጓደኛችሁን አስራምዳችሁ በስልክ ቅረጹ፣ ግን እያንዳንዱን ፍሬም አትቅዱ።

አሁን ስዕል 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7 አላችሁ። ሳትቀጥሉ እነዚህን ብቻ አጫውቷቸው። ክሪታ የሚባለውን የስዕል ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር የኛ ፍሬም 1 እዛ ጋ 0 ነው፣ ስለዚ ስዕሎቹ 0፣ 2፣ 6፣ 8 እና 12 ላይ ይቀመጣሉ፣ ክፍት የሆነውን ቦታ ፊት ያለው ስዕል ራሱ ይዞት ይቆያል። የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው የምታዩት፣ ግን ሰውየው ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው ከአሁኑ ይታወቃል። ቀላል ከመሰላችሁ ዳውኑን 4 ወይም 5 ፒክስል ጨምራችሁ ዝቅ አድርጉ፣ ኢንቢትዊን የሚባሉትን በመሃል የሚገቡ ስዕሎች ከሳላችሁ በኋላ ይሄን ማስተካከል ድካም ነው።

ኢንቢትዊን፣ ስዕል 3 እና 6

በመጀመሪያው እርምጃ የሚቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው፣ 3 በዳውንና በፓሲንግ መሃል፣ 6 በአፕና በኮንታክት መሃል። ፊትና ኋላ ያሉትን ስዕሎች በስሱ የሚያሳየውን ኦኒየን ስኪን አብሩና እነሱን እያያችሁ ሳሉ። ግን መስመር ከመስመር መሃል እየፈለጉ መሳል ነው ትልቁ ወጥመድ፣ በቁጥር ላሳያችሁ።

አንድ እጅ ከትከሻ እስከ ጣት 200 ፒክስል ነው እንበል፣ ወደፊት 30 ዲግሪ ወደኋላ 30 ዲግሪ ይወዛወዛል። የፊተኛውን ጣትና የኋለኛውን ጣት በቀጥታ መስመር አገናኝታችሁ መሃሉ ላይ ነጥብ ብታስቀምጡ፣ ያ ነጥብ ከትከሻው የሚርቀው 173 ብቻ ነው። 27 ፒክስል እጅ ጠፋ ማለት ነው! ሲጫወት እጁ እየገባ እየወጣ ይታያል። ስለዚ መጀመሪያ ትከሻው የት እንዳለ ወስኑ፣ ከዛ ክርኑ ትከሻውን ዞሮ የሚሄድበትን ቅስት በስሱ ሳሉ፣ ቀጥሎ ጣቱን ከክርኑ ለኩ። እግርም እንደዛው ነው፣ መጀመሪያ ዳሌ፣ ከዛ መሬት ላይ ያለው ጫማ (እሱ ቦታው በጭረቱ ተወስኗል፣ ምርጫ የላችሁም)፣ ጉልበቱ ከሁለቱ መሃል የጭኑና የቅልጥሙ ርዝመት የሚፈቅድለት ቦታ ላይ ራሱ ይገኛል። ከጉልበት የጀመረ ሰው የእግር ርዝመት በየስዕሉ ይቀያየርበታል።

ሁለተኛው ነገር፣ መሃል የሚባለው ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ አይደለም። የጭንቅላቱን ከፍታ እንይ፣ ኮንታክት 0፣ ዳውን ሲቀነስ 10፣ ከዛ ስዕል 3 ሲቀነስ 4፣ ፓሲንግ 6፣ አፕ 14፣ ስዕል 6 ላይ 9፣ ከዛ ስዕል 7 ኮንታክት እንደገና 0። ስዕል 3 ልክ ግማሹ ቢሆን ኖሮ ሲቀነስ 2 ይሆን ነበር፣ 6 ደሞ 7፣ ግን 3ን ወደ ዳውኑ 6ን ወደ አፑ አስጠግተናቸዋል። ውጤቱ ምንድነው፣ ሰውነቱ ከታች ሲነሳ ትንሽ ይከብደዋል፣ ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ከዛ በሁለት ስዕል ውስጥ ከ9 ወደ ሲቀነስ 10 ይወድቃል። መውደቁ ፈጣን መነሳቱ ዘገም ያለ ሲሆን ነው መሬት የሚስበው ሰው የሚመስለው። ሁሉንም እኩል ካካፈላችሁት ሰውየው ምንጣፍ ላይ የሚንሳፈፍ ፊኛ ይሆናል።

መሬት ላይ ያለው ጫማ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው፣ እዛ ማስጠጋት ማራቅ የለም። ተረከዙ ስዕል 1 ላይ 120፣ 2 ላይ 80፣ 3 ላይ 40፣ 4 ላይ 0፣ ከዛ ተረከዙ መነሳት ስለሚጀምር ከጣቶቹ ሥር ያለውን ክፍል ትከታተላላችሁ፣ እሱም በየስዕሉ 40፣ 40 ወደ ግራ ይሄዳል እስከ ስዕል 8 ድረስ። አዎ 8፣ 7 አይደለም፣ ሌላኛው እግር ካረፈ በኋላም የኋለኛው ጣት ለትንሽ ጊዜ መሬት እንደነካ ነው የሚቆየው። ኮንታክቱ ላይ ወዲያው ካነሳችሁት ሰውየው የሚራመድ ሳይሆን ሊሮጥ ያሰበ ይመስላል።

ከመሬት የተነሳው እግር፣ ከ9 እስከ 12

ሁለተኛውን ግማሽ፣ ከ8 እስከ 12፣ ስትስሉ ከ2 እስከ 6 ያለውን ቀለሙን ቀይራችሁ ትደግማላችሁ፣ ስለዚ አዲስ ነገር የለውም። ቀዩን እግር ብቻ እንከተለው ምክንያቱም አየር ላይ ያለው አሁን እሱ ነው። ስዕል 8 ላይ ጣቱ ገና መሬት ላይ ነው፣ 9 ላይ ተነስቷል፣ 10 ፓሲንግ፣ 11 ፊት ወጥቷል፣ 12 ላይ ተረከዙ ሊያርፍ ተቃርቧል፣ ከዛ ስዕል 1።

መሬት ላይ በሰባት እርከን የሄደውን መንገድ አየር ላይ በአምስት እርከን መመለስ አለበት፣ ስለዚ ፈጣን ነው። ስፔሲንጉ፣ ማለትም ከስዕል ስዕል የሚሄደው ርቀት፣ ግን እኩል አይሁን፣ ሲነሳ ትንሽ፣ በፓሲንጉ አካባቢ ትልቅ ትልቅ፣ ሊያርፍ ሲል እንደገና ትንሽ። የጫማው ጫፍ የሚሄድበትን ቅስት በአንድ ሌየር ላይ ነጥብ በነጥብ ምልክት አድርጉና አያይዟቸው፣ አንዱ ነጥብ ከመስመሩ ወጥቶ ከተገኘ ያ ስዕል ነው እንቅስቃሴውን የሚያንቀጠቅጠው፣ ሲጫወት ሳታዩት እዚሁ ታገኙታላችሁ። ተመሳሳይ ነገር ለጭንቅላቱና ለእጅ አንጓውም አድርጉ። እጅ አንጓው ላይ አንድ ጨምሩ፣ ክንዱ አቅጣጫ ሲቀይር መዳፉ በአንድ ስዕል ዘግይቶ ይከተል፣ ይሄ ብቻውን እጁን ከእንጨትነት ያወጣዋል።

ስታጫውቱት

ሉፑ የሚያልቀው ፍሬም 24 ላይ ነው (ክሪታ ላይ 23)። ፍሬም 25 ላይ ስዕል 1ን ደግማችሁ ካስቀመጣችሁና እሱንም ሉፑ ውስጥ ካስገባችሁት አንዱ ስዕል ሁለቴ ይታይና በየሴኮንዱ ትንሽ ቆም የሚል ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄን የስዕል ችግር መስሎት ኮንታክቱን እንደገና ሲስል ይውላል።

ቀጥሎ ባክግራውንድ። ሰውየው ቦታው ላይ ስለሚራመድ መንገዱ ነው ወደ ግራ የሚሄደው፣ በየስዕሉ 40 ፒክስል። እዚህ ጋ ግን አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ሰውየው ሁለት ሁለት ፍሬም ነው የሚቆየው፣ ባክግራውንዱን ደሞ ሶፍትዌሩ በየፍሬሙ 20 ፒክስል ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚ በየሁለተኛው ፍሬም መንገዱ 20 ሲሄድ ጫማው ባለበት ይቆማል፣ ቀጥሎ ያለው ፍሬም ላይ 40 ዘሎ ይደርስበታል፣ ጭረታችሁ ምንም ያህል ትክክል ቢሆን እግሩ ይንቀጠቀጣል። መፍትሄው ሁለት ነው፣ ወይ ባክግራውንዱንም በየሁለት ፍሬሙ 40፣ 40 ማንቀሳቀስ፣ ወይ ለሰውየው ሌላ 12 ስዕል ጨምሮ በየፍሬሙ አንድ ስዕል ማድረግ። የመጀመሪያው መንገዱን ትንሽ ያንዘፈዝፈዋል ግን ለድር ቪዲዮ ይበቃል፣ ሁለተኛው ድካም ነው ግን ካሜራው ቅርብ ከሆነ አማራጭ የለውም።

ይሄንኑ ይዘን ጀርባው ላይ እንጫንበት

ተራውን ከጨረሳችሁ በኋላ ያው ሰው 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ በገመድ ጀርባው ላይ አዝሏል እንበል፣ ሃያ ኪሎ ነው። ብዙ ሰው ተራውን ሳይክል ወስዶ ጀሪካን ይለጥፍበታል፣ ያኔ ጀሪካኑ ባዶ ይሆናል።

መጀመሪያ ጊዜውን አርዝሙ፣ አንድ እርምጃ 16 ፍሬም፣ ማለትም 8 ስዕል፣ እርምጃውን ደሞ ወደ 160 አሳጥሩ፣ በየስዕሉ 20 ይሆናል። ኮንታክቶቹ 1 እና 9፣ ፓሲንጉ 5፣ አፑ 7 ላይ። ዳውኑ ግን በአንድ ስዕል አያልፍም፣ 2 እና 3 ሁለቱም ዝቅ ያሉ ናቸው፣ 2 ላይ ሲቀነስ 11፣ 3 ላይ ሲቀነስ 14፣ ጉልበቱ ጫናውን እየተቀበለ ነው። አፑ ደሞ 4 ፒክስል ብቻ፣ ሃያ ኪሎ ተሸክሞ ማንም አይዘልም። የቆመበት እግር ፓሲንጉ ላይ እንኳን እንደ በፊቱ አይቀናም። የኋለኛው ጣትም አንድ ስዕል ይበልጥ መሬት ላይ ይቆይ፣ ሸክም ያለው ሰው በአንድ እግሩ መቆየት አይወድም።

እጆቹ አይወዛወዙም፣ ገመዱን ደረቱ ላይ ይዘዋል፣ ስለዚ ክርኖቹ ብቻ ከሰውነቱ ጋ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ጀሪካኑ ራሱ የሰውነቱን ከፍታ በአንድ ስዕል ዘግይቶ ይከተላል፣ ሰውነቱ በጣም ዝቅ ያለው 3 ላይ ከሆነ ጀሪካኑ 4 ላይ። ከሁለት ስዕል በላይ አታዘግዩት፣ ገመዱ የላላ ይመስላል።

ወገቡ ወደፊት ምን ያህል ይዘንብል የሚለውን በዓይን አትገምቱ። የሰውየውንና የጀሪካኑን ክብደት አንድ ላይ አድርጋችሁ መሃሉን ፈልጉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከወገቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ጀርባው የተጠጋ ይሆናል፣ ከዛ ቀጥ ያለ መስመር ወደ መሬት አውርዱ። ፓሲንጉ ላይ መስመሩ የቆመበት ጫማ ላይ፣ ኮንታክቱ ላይ ደሞ በሁለቱ እግሮች መሃል መውረድ አለበት። ከተረከዙ ኋላ ከወረደ ሰውየው በጀርባው ሊወድቅ ነው፣ ከወገቡ በላይ ያለውን በሙሉ ዳሌው ላይ ይዛችሁ ወደፊት አሽከርክሩት፣ መስመሩ ጫማው ላይ እስኪያርፍ ድረስ።